ትራሽ ሜታል ከፐንክ ምን ወሰደ? ከቀድሞው ሄቪ ሜታልስ በምን ተለየ?

ጥያቄ፦ «ትራሽ ሜታል የሚባለው ፈጠን ያለ ሄቪ ሜታል ነው ወይስ ከፐንክ የመጣ ነገር? ጁዳስ ፕሪስትም ሞተርሄድም ፈጣን ዘፈኖች አሏቸው። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? ሁለቱስ በትክክል እንዴት ተዋሃዱ?»

ምላሽ፦

በፍጥነት ብቻ ከለካነው ልዩነቱ አይገኝም፤ እርስዎ የጠቀሷቸው ሁለቱ ባንዶች ራሳቸው ለዚህ ማስረጃ ናቸው። የጁዳስ ፕሪስት «ኤክሳይተር» እ.ኤ.አ. በ1978 ወጣ፤ የሞተርሄድ «ኦቨርኪል» ደግሞ በ1979 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም ፈጣን ናቸው፣ በሁለቱም ውስጥ ድራም መቺው በሁለት እግሩ ቤዝ ድራሙን ያለ እረፍት ይደበድባል፣ ሁለቱም ከመጀመሪያዎቹ የትራሽ አልበሞች በአራትና በአምስት ዓመት ይቀድማሉ። እንዲያም ሆኖ ዛሬ ትራሽ ብሎ የሚጠራቸው ሰው ጥቂት ነው፤ የትራሽ አባቶች ይባላሉ እንጂ። ልዩነቱን ለማግኘት ሁለት ቦታ መመልከት ይበቃል ባይ ነኝ፦ አንደኛው ድራም መቺው ስኔር የሚባለውን፣ በዱላ ሲመታ አጭርና ጠንካራ ድምፅ የሚሰጠውን ድራም በቆጠራው ውስጥ የሚመታበት ቦታ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ የጊታር ተጫዋቹ ቀኝ እጅ ነው። የመጀመሪያው የመጣው ከፐንክ ነው፣ ሁለተኛው በአብዛኛው ከእንግሊዝ ሄቪ ሜታል፤ ትራሽ የተወለደውም ሁለቱ እርስ በርስ ሳይጠፋፉ አብረው እንዲሄዱ የሚያስችል ዘዴ ሲገኝ ነው።

ከስኔሩ እንጀምር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያልን ስንቆጥር በተለመደው የሮክ አመታት የእግሩ ድራም አንድና ሦስት ላይ፣ ስኔሩ ደግሞ ሁለትና አራት ላይ ያርፋል። ከብላክ ሳባዝ እስከ አይረን ሜይደን ያለው ሄቪ ሜታል በመሠረቱ በዚህ ላይ የቆመ ነው። «ኦቨርኪል»ን ሲያዳምጡ የሚጣደፈው የእግሩ ድራም ነው፤ ስኔሩ ግን ያንኑ የቆየ ቦታውን ይዞ፣ አድማጩ ራሱን እየነቀነቀ ሊከተለው በሚችል እርጋታ ይመላለሳል። በ1981 እና በ1982 አሜሪካ ውስጥ ብላክ ፍላግ፣ ማይነር ስሬትና ባድ ብሬንስ የተጫወቱት ሃርድኮር ፐንክ ግን ይህን አፈረሰው። በእነዚህ ባንዶች ፈጣን ክፍሎች የእግሩ ድራምና ስኔሩ አንድ በአንድ ይፈራረቃሉ፦ «አንድ-እና-ሁለት-እና-ሦስት-እና-አራት-እና» ብለን ስንቆጥር ቁጥሮቹ ለእግር ድራሙ፣ «እና»ዎቹ ሁሉ ለስኔሩ ይሆናሉ። በእንግሊዝም የስቶክ-ኦን-ትሬንቱ ዲስቻርጅ የራሱን ተመሳሳይ አመታት ፈጥሮ ነበር፤ በ1982 ያወጡት የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸው በኋላ ትራሽ በተጫወቱ ወጣቶች ዘንድ በሰፊው ተደምጧል።

የዚህን ለውጥ ክብደት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የዘፈኑ ፍጥነት በደቂቃ 160 ምት ነው እንበል። በቀድሞው አመታት ስኔሩ በደቂቃ 80 ጊዜ ይመታል፣ በአዲሱ ግን 160 ጊዜ። ጊታሩ ቅንጣት ሳይፈጥን፣ ቆጠራውም ሳይለወጥ፣ የአድማጩ ጆሮ ዘፈኑ በእጥፍ እንደፈጠነ ይሰማዋል፤ ሰውነታችን ፍጥነትን የሚለካው ከሁሉ በላይ በስኔሩ ነውና። ስለዚህ አንድ ዘፈን ትራሽ መሆን አለመሆኑን ለመለየት የመጀመሪያው ፈተና በእያንዳንዱ የስኔር ምት ላይ ማጨብጨብ ነው። በ«ኤክሳይተር» ላይ ሳይቸገሩ እስከ መጨረሻው ያጨበጭባሉ። በትራሽ ባንዱ በስሌየር ፈጣን ዘፈኖች ላይ ግን ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እጅዎ ይዝላል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር ይነሣል፤ የትራሽ ታሪክ በሙሉ ለዚህ ችግር የተሰጠ መፍትሔ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም። ሄቪ ሜታል ሪፍ የሚባለው አጭር፣ ተደጋጋሚና በግልጽ የሚለይ የጊታር ሐረግ ነው፤ ዘፈኑ የሚታወሰው ብዙ ጊዜ ከዜማው ይልቅ በሪፉ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ዲስቶርሽን በሚባለው የማሻከር ዘዴ ሲወፍር ደግሞ እያንዳንዱ ኖታ ረዝሞ ይጮኻል፣ ቀጣዩ ሲመታም ያለፈው ገና አላለቀም። በዝግታ ሲጫወቱት ይህ ውበት ነው፤ በሃርድኮር ፍጥነት ሲጫወቱት ግን ኖታዎቹ እርስ በርስ ተደበላልቀው ወጥ ጩኸት ይሆናሉ፣ ሪፉም ይጠፋል። ፐንኮች ይህ አላስጨነቃቸውም። ጊታራቸው ሦስት ወይም አራት ኮርዶችን፣ ማለትም በአንድነት የሚመቱ የኖታ ስብስቦችን፣ እንደ ልብ እያስጮኸ ስለሚቀያይር የሚደበላለቅ ዝርዝር አልነበረውም፤ ወጥ የሆነው ጩኸት ራሱ የሚፈልጉት ነገር ነበር። ሜታሎቹ በበኩላቸው ዝርዝሩን ለማዳን ሲሉ ፍጥነታቸውን ገደቡ። ሁለቱንም የፈለገ ሰው ኖታውን የሚያሳጥርበት መንገድ ማግኘት ነበረበት።

መንገዱ አዲስ አልነበረም። የቀኝ እጅ መዳፍ ጠርዝ ክሮቹ ከጊታሩ አካል ጋር በሚያያዙበት ድልድይ አጠገብ በስሱ ካረፈ፣ ክሩ ሲመታ ከመጮኽ ይልቅ አጭርና ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። የብላክ ሳባዙ ቶኒ አዮሚ በ1975 «ሲምፕተም ኦቭ ዘ ዩኒቨርስ» በተባለው ዘፈን በዚህ ታፍኖ የሚመታ ድምፅ ላይ ሙሉ ሪፍ ሠርቶበታል፤ ብዙዎች የትራሽን የመጀመሪያ ምልክት የሚያዩትም እዚያ ነው። ትራሽ ያደረገው ይህን አልፎ አልፎ የሚመጣ ቅመም የሙዚቃው መሠረት ማድረግ ነው። ከሁሉ የወፈረው ክር ክፍት እንደሆነ ታፍኖ ያለማቋረጥ ይመታል፤ በየመካከሉ መዳፉ ለቅጽበት ይነሣና አንድ ኮርድ ሳይታፈን ይጮኻል፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ታፈነው ይመለሳል። ሪፉን የሚሠሩት እነዚያ የሚጮኹት ኮርዶች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የታፈነ ድምፅ ፍጥነቱን ይሸከማል። እያንዳንዱ ኖታ አጭር ስለሆነ ስኔሩ ምንም ያህል ቢጣደፍ ሪፉ አይጨፈለቅም።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላው ነገር ክሩ የሚመታበት ትንሽ ቁራጭ፣ የፒኩ፣ አቅጣጫ ነው። በፍጥነት ለመጫወት ቀላሉ መንገድ ፒኩን ወደ ታችና ወደ ላይ ማፈራረቅ ነው፤ ሆኖም ወደ ላይ የሚመታው ምት ሁልጊዜ ትንሽ ይደክማል፣ የሪፉም ክብደት ይወላገዳል። ሁሉንም ወደ ታች መምታት ክንድን ያቃጥላል፤ ግን እያንዳንዱ ኖታ እኩል ይመዝናል። ይህን ልማድ በሮክ ውስጥ አጥብቆ የያዘው የኒው ዮርክ ፐንክ ባንድ የራሞንስ ጊታር ተጫዋች ጆኒ ራሞን ነው፤ የሜታሊካው ጄምስ ሄትፊልድም ከእርሱ መማሩን በግልጽ የተናገረ ሰው ነው። ስለዚህ ቀኝ እጅ የሜታል ነው ስል መታፈኑን ማለቴ ነው፤ የአመታቱ ግትርነት ግን በከፊል የፐንክ ዕዳ አለበት። በ1986 የወጣው የሜታሊካ «ማስተር ኦቭ ፐፔትስ» መጠሪያ ዘፈን ፍጥነቱ በደቂቃ 212 ምት ያህል ነው፤ ዋናው ሪፍ በየምቱ ሁለት ኖታ ስላለው ወደ ታች ብቻ የሚመታው ክንድ በሰከንድ ሰባት ጊዜ ያህል ይወርዳል ማለት ነው። ጀማሪ ጊታር ተጫዋች ሲሳሳት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፦ ሲደክመው ወደ ማፈራረቅ ይሸሻል፣ ሪፉም በድንገት ቀለል ብሎ ይሰማል።

ሰዎቹ እንዴት እንደተገናኙም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሜታሊካ በ1981 መጨረሻ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲመሠረት ድራም መቺው ላርስ ኡልሪክ የእንግሊዝ ሄቪ ሜታል አዲስ ትውልድ ሸክላዎች አሳዳጅ ነበር፤ ባንዱ በመጀመሪያ ጊዜያቱ መድረክ ላይ ይጫወታቸው ከነበሩት መካከል የዚያው ትውልድ ባንድ የዳይመንድ ሄድ ዘፈኖች ብዙ ናቸው። በ1983 ቤዝ ተጫዋቹን ክሊፍ በርተንን ለማግኘት ሲሉ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ተዛወሩ። በዚያ አካባቢ፣ በተለይም በበርክሊው የሙዚቃ ክበብ በሩቲስ ኢን፣ የፐንክና የሜታል ታዳሚዎች አንድ ክፍል ውስጥ ይጋፉ ነበር፤ የትራሽ ባንዱ ኤክሶደስም ስሙን ያተረፈው በእነዚህ መድረኮች ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በወጣው የሜታሊካ የመጀመሪያ አልበም ውስጥ ያለው «ዊፕላሽ» ከላይ የገለጽኩት ውህደት በንጹሕ መልኩ የሚሰማበት ዘፈን ነው፦ ታፍኖ የሚመታ ወፍራም ክር፣ በየመካከሉ የሚጮኹ ኮርዶች፣ ከሥራቸው ደግሞ የሃርድኮር ስኔር።

ውህደቱ ግን በአንድ ቀን የተፈጸመ አይደለም። ሂደቱን ደረጃ በደረጃ ለማየት ከስሌየር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የወጡ ሦስት አልበሞቻቸው ጥያቄዎን ራሳቸው ይመልሳሉ። በ1983 የወጣው «ሾው ኖ መርሲ» ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አይረን ሜይደንንና ጁዳስ ፕሪስትን ሲጫወቱ ያደጉ ልጆች ሥራ መሆኑ ከሩቁ ይታወቃል። «ክራዮኒክስ»ን ያዳመጠ ሰው ሁለቱ ጊታሮች አንድን ዜማ በተለያየ ቁመት ተስማምተው ሲዘምሩት ይሰማል፤ ይህ የእንግሊዝ ሄቪ ሜታል ማኅተም ነው። በ1985 የወጣው «ሄል አዌይትስ» ደግሞ ሰባት ዘፈን ብቻ ይዞ 37 ደቂቃ ያህል ይሄዳል፤ ከስድስት ደቂቃ የሚበልጡ ዘፈኖች አሉበት፣ ሪፍ በሪፍ ላይ ይደረባል፣ ድምፁም በማስተጋቢያ ተሸፍኗል። እስከዚህ ድረስ አቅጣጫው ወደ ርዝመትና ወደ ውስብስብነት፣ ማለትም ይበልጥ ወደ ሜታል ነበር።

በዚህ መካከል ጊታር ተጫዋቹ ጄፍ ሃነማን በሃርድኮር ፍቅር ወድቋል። ከድራም መቺው ዴቭ ሎምባርዶ ጋር ፓፕ ስሚር የተባለ የፐንክ የጎን ባንድ እስከ መሞከር ደርሷል፤ ያኔ ከጻፋቸው ዘፈኖች ሁለቱን ስሌየር በ1996 ባወጣው የፐንክ ዘፈኖች አልበም ላይ ቀርጿቸዋል። ውጤቱ በጥቅምት 1986 «ሬይን ኢን ብለድ» ሆኖ ወጣ፦ አሥር ዘፈን፣ በጠቅላላው 29 ደቂቃ ያህል። ከአራት ደቂቃ የሚያልፉት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ ናቸው፤ ሰባቱ ሦስት ደቂቃ አይሞሉም፣ «ኔክሮፎቢክ» ደግሞ በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያበቃል። እነዚህ የፐንክ ልኮች ናቸው። በውስጣቸው ያለው የሪፍ ብዛት ግን የፐንክ አይደለም፤ የቀድሞው ስሌየር በስድስት ደቂቃ ያቀርበው የነበረውን እዚህ ድግግሞሹን ቆርጦ በሁለት ደቂቃ ያቀርባል። ከፐንክ የተወሰደው ትልቁ ትምህርት፣ በእኔ ግምት፣ ከስኔሩም ይልቅ ይህ የመቁረጥ ድፍረት ነው።

የዚህ አልበም መክፈቻ «ኤንጀል ኦቭ ዴዝ» በናዚው ሐኪም በዮሴፍ መንገሌ ላይ የተጻፈ ነው፤ በግጥሙም ምክንያት የሥርጭት ኩባንያ አልቀበልም ብሎ ነበር። ሙዚቃው ሲጀምር ሁለቱ ጊታሮች አንድ ዓይነት ሪፍ በአንድነት ይመታሉ፤ ተስማምቶ መዘመር የለም። ከዚያ ዘፋኙ ቶም አራያ አንድ ረጅምና ከፍተኛ ጩኸት ይለቃል። ይህ ጩኸት ከጁዳስ ፕሪስቱ ዘፋኝ ከሮብ ሃልፎርድ ዓለም የተረፈ ነው፤ ወዲያው ግን ይጣላል፣ አራያ ወደ ግጥሙ ሲገባ ዜማ የሚባል ነገር ጥሎ ቃላቱን በሃርድኮር ዘፋኝ መንገድ ይተፋቸዋል። ከሥሩ የሎምባርዶ ስኔር ከላይ በገለጽኩት መንገድ ይፈራረቃል። ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፦ ስኔሩ በድንገት ይሳሳል፣ አንድ ከባድና ቀርፋፋ ሪፍ ብቻውን ይገባል፣ በላዩም ላይ ሌሎች ሪፎች እየተቀያየሩ ይሄዳሉ። ይህ ሪፍ በራሱ ጆሮን የሚይዝ ስለነበር የራፕ ቡድኑ ፐብሊክ ኤነሚ በ1988 ቆርጦ ተጠቅሞበታል። ፐንክ ባንድ ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ ዘፈኑን ይጨርስ ነበር። ስሌየር ግን ወደ ፍጥነቱ ይመለሳል፣ ሁለቱ ጊታር ተጫዋቾች ኬሪ ኪንግና ሃነማን እየተፈራረቁ ሶሎ ይጫወታሉ፣ መጨረሻው አካባቢ ሎምባርዶ ለብቻው በሁለት እግሩ ቤዝ ድራሙን ያንጎደጉዳል። የፍጥነት ንፅፅር፣ ሶሎና የሁለት እግር ድራም ሜታል ለትራሽ ያወረሳቸው ናቸው፤ ያለ እነርሱ ውጤቱ ሃርድኮር ብቻ በሆነ ነበር።

ከቀድሞው ሄቪ ሜታል የመለያየቱ ጉዳይ በዚህ ዘፈን ላይ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይታያል። የመጀመሪያው መለያያ ብሉዝ ነው። ብላክ ሳባዝም ሆነ ቀደምት ጁዳስ ፕሪስት ከብሉዝ ሮክ የወጡ ባንዶች ናቸው፤ ሪፋቸው ሲጨልም እንኳ ከሥሩ ያ የሚወዛወዝ አካሄድና የብሉዝ ቅኝት ይሰማል። በትራሽ ሪፍ ኖታዎቹ በግማሽ ድምፅ እየተጠጋጉ ስለሚሄዱ ዘፈኑ የሚያርፍበት ቤት ያጣል፤ መወዛወዙም በማሽን ዓይነት እኩልነት ይተካል። ሁለተኛው ተመልካች አብሮ የሚዘምረው አዝማች ነው፤ ይህ በትራሽ ውስጥ ወይ ይጠፋል ወይ ወደ አንድ የሚጮኽ ቃል ያጥራል። ሦስተኛው ልብስና ገጽታ ነው፤ ስሌየር ራሳቸው በመጀመሪያ ዓመታቸው ፊታቸውን ተቀብተው መድረክ ይወጡ ነበር፣ የሳን ፍራንሲስኮን መድረኮች ካዩ በኋላ ግን ተዉት። በዚያን ጊዜ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ገንዘብና ዝና የነበረው በተኳለው ፀጉረ ረጅም ሜታል ዘንድ ነበርና ይህ እንደ ጦርነት መግለጫ ይቆጠር ነበር፤ ለሙዚቃው ጥያቄ ግን ከሁለቱ ያነሰ ነው።

የውህደቱ ወሰንም ሊታወቅ ይገባል። መታፈን ኖታውን ቢያሳጥርም ቀረጻው ካልተባበረ ፋይዳ የለውም። «ሄል አዌይትስ» ላይ ያለው ማስተጋቢያ የሪፎቹን ጠርዝ ያለሰልሳል። ሪክ ሩቢን «ሬይን ኢን ብለድ»ን ሲያዘጋጅ ማስተጋቢያውን ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ አስወገደው፤ ጊታሩና ድራሙ ከአድማጩ ጆሮ ሥር ሆነው ደረቅ ድምፅ ይሰጣሉ፣ አልበሙ ከዚያ በፊት ከነበሩት ፈጣን መስሎ የሚሰማበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ከዚህም በላይ ሲፈጠን ደግሞ መታፈኑ ራሱ ማዳን ያቅተዋል። በ1987 የበርሚንግሃሙ ባንድ ናፓልም ዴዝ በ«ስከም» አልበሙ ስኔሩን እንዲያ ባፈጠነው ጊዜ ሪፉ እንደገና ወደ ጩኸትነት ተመለሰ። እርሱ ሆን ብሎ ነው ያደረገው፤ ለዚህም ነው ያ ሙዚቃ ሌላ ስም ያገኘው።

የስኔሩን ፈተና ከሌላ አቅጣጫ መሞከር ከፈለጉ የሜታሊካን የ1991 አልበም ያዳምጡ። «ኤንተር ሳንድማን» ላይ ሄትፊልድ እንደ ድሮው እያፈነ ይመታል፣ ፍጥነቱ ግን በደቂቃ 123 ምት ያህል ነው፣ ስኔሩም ወደ ሁለትና አራት ተመልሷል፤ አድማጮችም ባንዱ ከትራሽ ወጣ ያሉት ያኔ ነው። ሆኖም ፈተናው ብቻውን አይበቃም። ስሌየር በ1988 «ሳውዝ ኦቭ ሄቨን»ን ሲያወጣ ሆን ብሎ ቀዝቅዞ ነበር፤ መክፈቻው የሚጀምረው ብላክ ሳባዝን በሚያስታውስ እርጋታ ነው። እንዲህም ሆኖ ትራሽ አይደለም ያለ የለም ለማለት ይቻላል፤ በሪፎቹ ውስጥ ብሉዝ አልተመለሰም፣ ኖታዎቹም አሁንም በግማሽ ድምፅ እየተሳቡ ማረፊያ ይነፍጉዎታል፣ ፈጣን ክፍሎቹም ሲመጡ ስኔሩ ያንኑ የሃርድኮር ቦታውን ይይዛል።